ወረቀት የሌለው ቆሎ

እናቴ በቀን ለመክሰስ የተፈቀደላት 200 ካሎሪ ነው። ጉልበቷ እያመማት፣ ደም ግፊቷም ከፍ እያለ ሲያስቸግራት ስድስት ኪሎ እንድትቀንስ ተነገራት። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ የቀኑን ምግብ በጠቅላላ 1400 ካሎሪ አድርጋ ከፋፈለችላት። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ የቀረችው 200 ደግሞ ለመክሰስ።

እናቴ መክሰስ የምትበላው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ቡና ላይ። እኛ ልጆቿ ከቤት ከወጣን ወዲህ በኮንዶሚኒየሙ ከሚኖሩ ሦስት ጎረቤቶቿ ጋር ከሰዓት በኋላ ተራ በተራ ቡና ያፈላሉ። ከቡናው ጋር የሚቀርበው ቁርስ እንደ ባለተራዋ ይለያያል። አንዷ ቆሎ፣ አንዷ ፈንዲሻ፣ አንዷ ዳቦ ቆሎ፣ በጾም ቀን ደግሞ ንፍሮ ይቀርባል።

ፕሮግራሙን በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት ደውላ ቡናውን ልታቆም እንደሆነ ነገረችኝ። «ብስኩቱስ ጀርባው ላይ ተጽፎበታል፣ ቆጥሬ እበላለሁ። ቆሎው ወረቀት የለው፣ ዳቦ ቆሎው ወረቀት የለው። በምን ልቁጠረው ልጄ?» አለች። ቀልድ ይመስላል እንጂ ቀልድ አልነበረም። ከቡናው መቅረት ማለት ለእሷ በቀን ውስጥ ከሰው ጋር የምታወራበትን አንድ ሰዓት መተው ነው።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው፣ የተማርኩትም ምህንድስና ነው። ስለ ምግብ ብዙ ባላውቅም ቁጥር ያልተጻፈበት ነገር ካለ ቁጥሩን ሠርቶ ማውጣት እንደሚቻል አውቃለሁ። ቅዳሜ የኩሽና ሚዛን ይዤ ሄድኩ።

ሁለቱ ብስኩቶች

መጀመሪያ ያየሁት ወረቀት ያለውን ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ዓይነት ብስኩት ነበር። አንደኛው ላይ 116 ካሎሪ የሚል ተጽፏል፣ ሁለተኛው ላይ 430። እናቴ በእርግጥ ባለ 116ቱን መርጣለች። ማንም ሰው 116 ከ430 ያንሳል ይላል።

ነገር ግን 116 የተጻፈው ለአንድ ጊዜ ድርሻ ነው፣ ድርሻው ደግሞ 25 ግራም ነው። 430 የተጻፈው ለ100 ግራም ነው። የመጀመሪያውን ወደ 100 ግራም ለማምጣት በአራት ማባዛት ይበቃል፤ 464 ይመጣል። ማለትም ትንሽ ቁጥር የተጻፈበት ብስኩት ነው ከፍተኛው።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ አምራቾች የምግቡን ኃይል በ100 ግራም እንዲጽፉ ያስገድዳል። የአሜሪካ ሕግ ደግሞ በድርሻ እንዲጻፍ ነው የሚጠይቀው። የአዲስ አበባ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ከየአገሩ የመጣ ስለሚደረደር ሁለቱም ዓይነት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በዚያ ላይ አንዳንዱ በኪሎጁል ይጽፋል፤ 430 ካሎሪ በኪሎጁል 1800 ገደማ ስለሆነ የማያውቅ ሰው ሊደነግጥ ይችላል። ኪሎጁሉን ለ4.2 ስታካፍሉት ወደ ካሎሪው ትመለሳላችሁ። እናም ሁለት እሽግ ምግብ ከማወዳደር በፊት ሁለቱንም ወደ 100 ግራም ማምጣት ግዴታ ነው። ድርሻ ከእሽግ እሽግ ይለያያል፤ 100 ግራም ግን ለሁሉም እኩል ነው።

እዚህ ድረስ ብዙ ሰው የሚያውቀው ነው። እኔን ያስገረመኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። እናቴ በአንድ ቡና ላይ የምትበላውን ብስኩት መዘንነው፤ 30 ግራም ሆነ። የከፍተኛው 30 ግራም 139 ካሎሪ ነው፣ የዝቅተኛው 30 ግራም 129። በ100 ግራም ላይ የ34 ካሎሪ ልዩነት የነበረው ወደ አፍ ሲደርስ 10 ካሎሪ ሆነ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ካሎሪ ገደማ አለው። ማለትም ብስኩት ከማማረጥ ይልቅ ቡናዋ ላይ አንድ ማንኪያ ስኳር ብትተው የበለጠ ትቀንሳለች።

ቁጥሩ ራሱም ቢሆን እስከ መጨረሻው አሃዝ የሚታመን አይደለም። በአሜሪካ ደንብ ምግቡ ሲለካ ከተጻፈው ካሎሪ እስከ 20 በመቶ ቢበልጥ አምራቹ አይጠየቅም። 430 ብሎ የጻፈ ብስኩት 464 ቢገኝ በዚህ ደንብ ችግር የለበትም ማለት ነው። ስለዚህ በሁለት ተመሳሳይ ብስኩቶች መካከል ያለ የ30 እና የ40 ካሎሪ ልዩነት ሰዓት ቆሞ የሚነበብ ነገር አይደለም።

ቆሎው

የ100 ግራም ቁጥር ከየት እንደሚመጣ ካወቅን ወረቀት የሌለውንም መገመት እንችላለን። አንድ ግራም ስታርች ወይም ስኳር 4 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ፕሮቲን 4 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ይሰጣል። ውሃ ዜሮ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ ምግብ በ100 ግራም ያለውን ካሎሪ ወደ ላይ የሚስበው ስብ ነው፣ ወደ ታች የሚጎትተው በዋናነት ውሃ ነው።

ጥሬ ገብስ በ100 ግራም 350 ገደማ አለው፤ ውስጡ ከ10 በመቶ ያላነሰ ውሃ ስላለበት ነው። ሲቆላ ውሃው ይተናል፣ ካሎሪው ግን የትም አይሄድም። ያው ካሎሪ በትንሽ ክብደት ላይ ስለሚቀር ቁጥሩ ወደ 385 ገደማ ይወጣል። እህሉ ምንም አልተጨመረበትም፣ ደረቀ እንጂ።

የእናቴ ቆሎ ግን ገብስ ብቻ አይደለም፣ ኦቾሎኒ ገብቶበታል። የተቆላ ኦቾሎኒ ግማሽ ያህሉ ስብ ስለሆነ በ100 ግራም 585 አካባቢ ነው። ከማሰሮዋ 100 ግራም አውጥተን በእጃችን ለየነው፤ 70 ግራም ገብስ፣ 30 ግራም ኦቾሎኒ ሆነ። የገብሱ 270፣ የኦቾሎኒው 175፣ ድምሩ 445። እዚህ ጋ እናቴ ሳቀች፤ ምክንያቱም ከጎረቤቶቿ አንዷ ከሳህኑ ኦቾሎኒውን ብቻ እየመረጠች እንደምትበላ ሁሉም ያውቃል። ያቺ ሴት የምትበላው ቆሎ 585 ነው፣ ለሌሎቹ የሚተርፋቸው ደግሞ 385። ከአንድ ሳህን ሁለት የተለያዩ መክሰሶች ይወጣሉ።

ዳቦ ቆሎው

ከሁሉም የፈራችው ዳቦ ቆሎን ነበር፤ «ዘይት አለበት» ትላለች። እሱን ለማወቅ ራሳችን ሠራን። ሒሳቡ ለማንኛውም ቤት ውስጥ ለሚሠራ ነገር ስለሚያገለግል በዝርዝር ላስቀምጠው።

ወደ ሳህኑ የገባውን ሁሉ መዘንን። 500 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ በ100 ግራም 364 ስለሆነ 1820 ካሎሪ። 92 ግራም ዘይት፣ በ9 ሲባዛ 828። 50 ግራም ስኳር፣ በ4 ሲባዛ 200። ትንሽ ጨውና በርበሬ፣ ከቁጥር የማይገባ። 200 ግራም ውሃ፣ ዜሮ። ድምሩ 2848 ካሎሪ።

አሁን ይህንን ለስንት ግራም እናካፍለው? ብዙ ሰው ሊጥ መዝኖ ያካፍላል። ሊጡ 842 ግራም ስለሆነ በ100 ግራም 338 ይመጣል፤ ከቆሎ ያነሰ! ግን ሊጥ የሚበላ የለም። ተቆርጦ፣ ምጣድ ላይ እየተገላበጠ ደርቆ ሲወጣ እንደገና መዘንነው፤ 625 ግራም ሆነ። ከ200 ግራም በላይ የሆነው ውሃ ተንኗል። 2848ን ለ625 አካፍለን በ100 ስናባዛ 456 አገኘን። ልብ በሉ፣ የተለወጠው አካፋዩ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ያልተመዘነ ምግብ የ100 ግራም ቁጥሩ ግምት ነው፣ ደርቆ በሚወጣ ምግብ ላይ ደግሞ ስህተቱ ወደሚያስደስተን አቅጣጫ ያደላል።

እንዴት ይታወቃል ብትሉ፣ ቀላል ማረጋገጫ አለ። ደረቅ ሆኖ እየተንኮሻኮሸ የሚበላ፣ ከእህል የተሠራ ነገር ከ350 በታች ከመጣላችሁ ሒሳቡ ውስጥ ውሃ ተቆጥሮ ሳይሆን አይቀርም።

ለማነጻጸር ዘይቱን በግማሽ ቀንሰን ሌላ ሠራን። የገባው 2434 ካሎሪ፣ የወጣው 580 ግራም፣ በ100 ግራም 420 መጣ። ዘይቱ ለሁለት ተከፍሎ ልዩነቱ 36 ነው። ጥርስ የሚፈትን ዳቦ ቆሎ ሆኖ ነበር፣ እናቴም «ይሄንንስ ለጎረቤት አላቀርብም» አለች።

ሲኒው

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ቁጥሮቹን ደረደርኳቸው። ብስኩት 430 እና 464፣ ገብስ ቆሎ 385፣ ኦቾሎኒ ያለበት 445፣ ዳቦ ቆሎ 420 እና 456። እናቴን ቡና ሊያስተዋት የነበረው ሁሉ በ385 እና በ465 መካከል ነው። አንድ መንደር ውስጥ ናቸው። ወረቀት ያለውና የሌለው የተለያዩ አይደሉም።

የሚበላው ካሎሪ ግን የሁለት ነገሮች ብዜት ነው፦

```
ካሎሪ = በ100 ግራም ያለው × የተበላው ግራም ÷ 100
```

የመጀመሪያው ቁጥር ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ቢሄድ የሚጨምረው 20 በመቶ ገደማ ነው። ሁለተኛው ግን በጨዋታ መሃል ከ25 ግራም ተነስቶ 80 ሊደርስ ይችላል፤ ይህ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። እናቴ የምትጨነቀው ስለ መጀመሪያው ነበር፤ ውጤቱን የሚወስነው ሁለተኛው ነው። የባለሙያዋ ፕሮግራም በቀን የሚያጎድልባት 400 ካሎሪ ገደማ ነው። 200 የተባለው መክሰስ ሳይታወቅ 400 ከሆነ የቀኑ ልፋት ግማሹ በአንድ ቡና ይሄዳል።

ጎረቤት ቤት ሚዛን ይዞ መሄድ ደግሞ አይታሰብም፤ ነውር ነው። ደግነቱ ቡና ባለበት ቤት ሁሉ መለኪያ አለ፤ ሲኒው። ቆሎ ሻጮችም በስኒ ሰፍረው ነው የሚሸጡት፣ እኛ የፈጠርነው ነገር የለም። የእናቴን ሲኒ እስከ አፉ በቆሎ ሞላነውና መዘንነው፤ 38 ግራም። ኦቾሎኒ ያለበት ከሆነ 169 ካሎሪ ነው። በዳቦ ቆሎ ሞላነው፤ 35 ግራም፣ 160 ካሎሪ። አንድ ሲኒ ደረቅ ቁርስ፣ ቆሎም ሆነ ዳቦ ቆሎ፣ ከ200 በታች ነው። ሁለተኛ ሲኒ ከተሞላ ግን የትኛውም ቢሆን ያልፋል።

ሲኒ ከሲኒ እንደሚለያይ አውቃለሁ። ስለዚህ ጎረቤቶቿ ቤት ያለው ሲኒ ከእሷ የሚተልቅ መሆን አለመሆኑን በዓይኗ አይታ ነገረችኝ፤ አንዷ ቤት ያለው ተለቅ ያለ ነው፣ እዚያ ከአፉ ዝቅ አድርጋ ትሞላለች።

ከመንደሩ ውጭ ያሉት ሁለቱ

የ100 ግራም ቁጥር በጣም የሚጠቅምበትና በጣም የሚያሳስትበት ቦታ አለ። የሚጠቅምበት ንፍሮ ነው፣ የሚያሳስትበት ፈንዲሻ።

200 ግራም ደረቅ ስንዴና ሽምብራ ቀላቅለን 710 ካሎሪ ገደማ ይሆናል። ቆልተን ብናወጣው 185 ግራም አካባቢ ሆኖ በ100 ግራም 384 ይመጣል። ዘፍዝፈን ቀቅለን ስናጠነፍፈው ግን 450 ግራም ሆነ፤ በ100 ግራም 158። እህሉ አንድ፣ ጠቅላላ ካሎሪው አንድ፣ ቁጥሩ ከግማሽ በታች። ልዩነቱ በሙሉ የጠጣው ውሃ ነው። «ታዲያ ውሃ ከሆነ ማታለያ ነው» ልትሉ ትችላላችሁ፣ እናቴም ብላለች። አይደለም፤ ሆድ ካሎሪ አይመዝንም። በፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባርባራ ሮልስ ለዓመታት ያጠኑት ይህንኑ ነው፤ ሰው በየማዕዱ የሚበላው የምግብ መጠን ብዙም ስለማይለዋወጥ፣ ውሃ የበዛበት ምግብ ሲቀርብለት ሳይራብ ያነሰ ካሎሪ ይበላል። በ200 ካሎሪ 127 ግራም ንፍሮ ይመጣል፣ ቆሎ ቢሆን 52 ግራም ብቻ። የጾም ቀን ቡና ለእናቴ ከሁሉም ቀን የጠገበ ሆነ።

ፈንዲሻ ተቃራኒው ነው። 50 ግራም በቆሎ 182 ካሎሪ አለው፤ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 14 ግራም ገደማ፣ ስናፈነዳው ድምሩ 305 ሆነ። ሲወጣ ክብደቱ 59 ግራም ነው። በ100 ግራም ስናሰላው 517! ከብስኩቱም፣ ከዳቦ ቆሎውም በላይ፤ ኦቾሎኒ ብቻውን ነው የሚበልጠው። ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚያነብ ሰው ፈንዲሻን መጀመሪያ ይሰርዛል።

ግን ያንን 59 ግራም እዩት፤ ትልቅ ሳህን ሞልቶ የተረፈ ነው። 100 ግራም ፈንዲሻ በአንድ ቁጭታ የሚበላ ሰው አላውቅም። ፈንዲሻ በአየር የተሞላ ነው፣ አየር ደግሞ ከውሃ በተለየ ሚዛን ላይ አይታይም። ስለዚህ የ100 ግራሙ ቁጥር የንፍሮውን ውሃ ሲያይ የፈንዲሻውን አየር አያይም። እናቴ ከሳህኑ ግማሹን ብትበላ 150 ካሎሪ ነው፤ ያም በብስኩት ቢሆን 32 ግራም ገደማ፣ ጥቂት ቁራጭ። ፈንዲሻ ላይ ቁጥሩን ከፍ የሚያደርገው ዘይቱ ነው፤ ያለ ዘይት ቢፈነዳ ወደ 400 ይወርዳል። ስኳር ከተነሰነሰበት ደግሞ ማንኪያውን መቁጠር ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ማቀዝቀዣው ላይ ያለው ወረቀት

በመጨረሻ አንድ ወረቀት ጻፍንና ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍነው። የ100 ግራም ቁጥሮቹን አልጻፍኩበትም፤ እነሱ ሥራቸውን ጨርሰዋል። የተጻፈው ይህ ነው፦ ቆሎ፣ አንድ ሲኒ። ዳቦ ቆሎ፣ አንድ ሲኒ። ብስኩት፣ 40 ግራም (ፓኬቱ ላይ የአንዱን ክብደት አይቶ)። ንፍሮ፣ ሦስት ጭብጥ። ፈንዲሻ፣ ግማሽ ሳህን። ሁሉም ከ200 ያልበለጡ ናቸው፣ በቀን ከአምስቱ አንዱ ብቻ። ጭብጡንም የመዘንነው በእሷ እጅ ነው፤ አንዱ 40 ግራም ገደማ ንፍሮ ይይዛል። በእኔ እጅ ቢሆን ሌላ ቁጥር ይሆን ነበር።

የቀረው ጥያቄ የሰው ቤት ዳቦ ቆሎ ነበር። «እሷ ስንት ዘይት እንዳደረገችበት በምን አውቃለሁ?» አለችኝ። 450 ብለሽ ያዢው አልኳት። እውነቱ 420 ቢሆን ወይም 480፣ በአንድ ሲኒ ላይ የሚሳሳተው ወደ 10 ካሎሪ ነው። ከዚያ በላይ ለማወቅ ጎረቤትን ስለ ዘይቷ መመርመር ያስፈልጋል፣ ለ10 ካሎሪ ደግሞ አያዋጣም።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ስደውልላት ስልኩ ሳይነሳ ቀረ። ቆይታ መልሳ ደወለች። «ቡና ላይ ነበርኩ» አለች፣ «ሲኒዬን ሞልቼ ነው የበላሁት፤ ሁለተኛ ሊሞሉልኝ ሲሉ ሲኒውን ደፋሁት።»